የወንድሜ የሕመም ፈቃድ «ያለ ክፍያ» ተብሎ ተጻፈ፤ ማመልከቻውን እንዴት አድርገን እናስተካክለው?

የውይይት ክሩን የከፈተችው «የሽምብጧ» በሚል ስም የምትጽፍ የመድረኩ አባል ናት። ወንድሟ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ምግብ አብሳይ ነው። እሑድ የካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በዕረፍት ቀኑ ኳስ ሲጫወት እግሩ ተሰበረ። ሐኪሙ የ75 ቀን ዕረፍት ጻፈለት። ወንድሟም ለሆቴሉ አንድ ገጽ ማመልከቻ ላከ፤ ከሕመሙ እስኪያገግም ድረስ ፈቃድ እንዲሰጠው በትሕትና የሚጠይቅ ነው። በሳምንቱ የመጣው መልስ በጥያቄው መሠረት ያለ ክፍያ ፈቃድ እንደተሰጠው ይገልጻል። ጥያቄዋ ሁለት ነበር፤ በሙሉ፣ በግማሽና ያለ ክፍያ የሚሰጡት ፈቃዶች በምን ይለያያሉ? ማመልከቻውንስ እንዴት ቢጽፈው ይሻላል? የወር ደመወዙ 12,000 ብር እንደሆነና ያልተጠቀመበት 11 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ እንዳለውም ጽፋለች።

ክሩ ረዝሟል፤ መሐል ላይም ተንጫጭቷል። ተመሳሳይ ጥያቄ በየሳምንቱ ስለሚነሳ መልሶቹን በየቁጥራቸው እያነሳሁ ልተርካቸው።

1ኛው መልስ አጭርና ጨዋ ነበር። ወንድሟን እግዜር ይማርልሽ ካለ በኋላ አደጋው በሥራ ላይ የደረሰ እንደሆነ ጠየቀ። ጥያቄው ቦታው ነው። በሥራ ላይ ጉዳት ቢሆን ኖሮ አከፋፈሉ ሌላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በሙሉ ደመወዝ ናቸው፣ ከዚያ በኋላም እየቀነሰ ይቀጥላል። የዕረፍት ቀን ኳስ ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። የሽምብጧ በ2ኛው መልስ ይህንን አረጋገጠች።

3ኛውን የጻፉት «ጋሽ መዝገብ» የሚባሉ፣ በሰው ሀብት አስተዳደር ብዙ የሠሩ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ስህተቱ የተፈጠረው ማመልከቻው ውስጥ ነው አሉ። ደብዳቤው የፈቃዱን ዓይነት አይጠራም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ አይናገርም፣ የሐኪም ወረቀት መያያዙንም አይጠቅስም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲገባ ተቀባዩ ክፍል የሚቀለውን ዓይነት ይመርጣል፤ ለድርጅቱ ደግሞ የሚቀለው ያለ ክፍያ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ስለዚህ በከፊል የሚከፈልበት ፈቃድ ማለት ለዚህ ልጅ ሌላ ምንም ሳይሆን ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ያለው የሕመም ፈቃዱ ነው። አሠሪው በቸርነት የሚሰጠው ነገር አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤው መለመኑን ትቶ ሕመሙን ያሳውቅና በሕጉ መሠረት እንዲያዝ ይጠይቅ ሲሉ መከሩ።

4ኛው መልስ ግን በልበ ሙሉነት አስተባበለ። የሕመም ፈቃድ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ ነው፣ እኛ ቢሮ እንደዚያ ነው፣ ሰው አታሳስቱ ይላል። ይህ በከፊል እውነት አለው፤ ጸሐፊው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው አዋጅ ነው፤ የሆቴሉ አብሳይ ግን በግል ድርጅት ነው ያለው። ጋሽ መዝገብ በ5ኛው መልስ ይህንን ለይተው ሲያስረዱ ቃላቸው ትንሽ ጠንከር ብሎ ነበር፤ በአንድ ሕግ የሌላውን ሰው ደመወዝ አትቁጠር ብለው ዘጉት። 4ኛው ጸሐፊ ከዚያ በኋላ ብቅ አላለም።

6ኛው መልስ ነገሩን ወደ ስሌት አወረደው። የጻፈችው «ፔሮል» የምትባል አባል ናት፤ ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው መልስ የእሷ ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ የጠየቀችው ማንም ያልጠየቀውን ነው። ልጁ ከዚህ በፊት በዚሁ ዓመት ታሞ ያውቃል? የሽምብጧ በ7ኛው መልስ አዎ አለች፤ በጥቅምት በታይፎይድ 9 ቀን በሐኪም ወረቀት አርፏል፣ ሙሉ ደመወዙም ተከፍሎታል። በዚህ ጊዜ ስሌቱ ተለወጠ። ስድስቱ ወራት የሚቆጠሩት ሕመሙ ከጀመረበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ባሉት አሥራ ሁለት ወራት ውስጥ ነው፤ በተከታታይም ይሁን በተለያየ ጊዜ የተወሰደው ሁሉ ይደመራል። ስለዚህ የጥቅምቱ 9 ቀን ከሙሉ ደመወዙ ወር ላይ ተነሥቷል፤ የቀረው 21 ቀን ነው።

ፔሮል ቀጥላ ያሰላችው ይህ ነው። አንዱን ቀን 12,000ን ለ30 አካፍላ 400 ብር አደረገችው፤ ግብርና ጡረታ ሳይነሣለት ማለት ነው። ከሰኞ የካቲት 2 እስከ የካቲት 22 ያሉት 21 ቀናት በሙሉ ደመወዝ 8,400 ብር ይሆናሉ። ከየካቲት 23 እስከ ሚያዝያ 16 ያሉት 54 ቀናት በግማሽ፣ በቀን 200 ብር፣ 10,800 ብር ይሆናሉ። ድምሩ 19,200 ብር ነው። የጥቅምቱ ሕመም ባይኖር ኖሮ 21,000 ይሆን ነበር። የወር ደመወዝ ሲመጣ የቱ ወር ላይ ምን እንደሚታይም አስቀምጣለች፤ አብዛኛው ሰው ደንግጦ የሚከራከረው እዚያ ላይ ስለሆነ። በየካቲት ፈቃዱ ከመጀመሩ በፊት ያለችው አንድ ቀን ተጨምራ 10,400 ብር፣ መጋቢት ሙሉውን በግማሽ ስለሚያልቅ 6,000 ብር፣ ሚያዝያ ደግሞ 16ቱ ቀን በግማሽ፣ የቀሩት 14 በሙሉ ሆነው 8,800 ብር። የመጋቢቱን 6,000 ብቻ ያየ ሰው ድርጅቱ የበደለው ሊመስለው ይችላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ሂሳቡ ልክ ነው። በደል የሚሆነው ያ 6,000 ዜሮ ሆኖ ሲመጣ ነው።

8ኛው መልስ አንድ ሌላ ቀዳዳ አሳየ። የሐኪሙን ወረቀት ቀን ተመልከቱ አለ። የሽምብጧ ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ ለጥፋው ነበር፤ ስሙና የካርድ ቁጥሩ ተሸፍኗል። የተጻፈው የካቲት 4 ነው፤ የ75 ቀን ዕረፍት ይላል እንጂ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ አይልም። ማኅተሙ አለ፣ የሐኪሙ ፊርማ አለ፣ የመነሻ ቀን ግን የለም። ሰው ሀብት ክፍሉ ከተጻፈበት ቀን ከቆጠረ የካቲት 2 እና 3 ያለ ማስረጃ የቀረባቸው ቀናት ይሆናሉ፤ መጨረሻውም ሚያዝያ 18 ላይ ሊውል ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ሰው በእግሩ መሄድ አለበት፤ ካርዱን ይዞ ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ከየካቲት 2 እስከ ሚያዝያ 16 የሚል ማስተካከያ አስጽፎ እንደገና ማኅተም ማስመታት። ቀኑን በራስ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ መጨመር ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። ይህኛው ጸሐፊ አንድ ነገር ደግሞ አስታወሰ፤ የታመመ ሠራተኛ በቀረ ማግስት ማሳወቅ አለበት፣ አሠሪው ሁኔታውን የሚያውቅ ካልሆነ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር። ወንድምየው ማክሰኞ ጠዋት ለዋና አብሳዩ በቴሌግራም ጽፎ ነበርና ያ መልእክት እንዳይጠፋ ይቀመጥ አለ።

9ኛው መልስ ላይ ክሩ ወደ ጎን ሄደ። አበባ እርሻ ውስጥ የምትሠራ አንዲት አባል የራሷን ጉዳይ አመጣች። እናቷ ደብረ ታቦር ታመውባታል፣ ለማስታመም አንድ ወር ትፈልጋለች፤ ከላይ ያነበበችውን ይዛ እሷም የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ ልትጠይቅ ነው። ጥያቄውን እንዳሳከረችው ግልጽ ነው። ደግነቱ 10ኛው መልስ ጥሩ ሰው ላይ ወደቀ፤ ሳይቆጣ አስረዳት። የሕመም ፈቃድ ለታመመው ለራሱ ለሠራተኛው ነው። ለማስታመም ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ካላት የዓመት ፈቃድ ላይ መውሰድ ነው፤ ሙሉ ክፍያ ስላለው እሱ ይቀድማል። ሌላው አንቀጽ 81 ላይ ያለው፣ ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም የሚሰጠው እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ነው፤ እሱም በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ከአሠሪው ጋር ተስማምቶ ነው የሚያገኘው።

በዚህ መሐል 11ኛው መልስ ለአበባ እርሻዋ ሠራተኛ አንድ የሚያስፈልጋትን ነገር ጨመረ። በስምምነት የሚወሰድ ያለ ክፍያ ፈቃድ ውሉን ለጊዜው ያግደዋል፤ ሠራተኛዋ አትሠራም፣ ድርጅቱም አይከፍልም፣ ውሉ ግን አልፈረሰም። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ የምትመለስበት ቀንና ወደ ያዘችው የሥራ መደብ እንደምትመለስ ካልተጻፈ፣ በወሩ መጨረሻ በቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ተቀጥሮ ልታገኝ ትችላለች። ፈቃዱ ባበቃ ማግስት ባለው የሥራ ቀን መገኘትም የእሷ ግዴታ ነው። የቃል ፈቃድ ይዞ መሄድን አጥብቆ ከለከለ። በጽሑፍ ያልተሰጠ ያለ ክፍያ ፈቃድ ነገ መቅረት ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠበት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለመሰናበት በር ይከፍታል።

12ኛው መልስ ቁጣ ነበር። ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ሁላችሁም 12,000 እያላችሁ ታሰላላችሁ፤ እኛ የምንኖረው በሰርቪስ ቻርጅ ነው፣ ግማሹ ከዚያ ላይም ሊሰላልን ይገባል አለ። ቃሉ ሸካራ ነበር፤ ፔሮልን የባለሀብት ጠበቃ እስከማለት ደረሰ። እሷም በ13ኛው መልስ አልታገሠችም። ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ በአዋጁ እንደ ደመወዝ አይቆጠርም፤ የትርፍ ሰዓትም እንደዚያው ነው፤ ይህንን የወሰንኩት እኔ አይደለሁም፣ ልጁ ግን ሐሰት ተስፋ ይዞ ወደ ቤት ኪራዩ እንዳይሄድ እውነቱን ማወቅ አለበት ስትል መለሰች። ሁለቱም የሚሉት ገብቶኛል። ሰውየው በሕጉ ተሳስቷል፤ ስለ ኑሮው ግን አልተሳሳተም፣ የሆቴል ሠራተኛ በግማሽ ደመወዝ ሲወድቅ ከገቢው የሚጎድለው ከግማሽ ይበልጣል። ሆኖም የሠራተኛ ማኅበሩ የኅብረት ስምምነት ወይም የድርጅቱ ደንብ የተሻለ ነገር ከሰጠ ያኛው ይጸናልና፣ የሽምብጧ እሱን ትጠይቅ የሚል ማስታወሻ ፔሮል በመጨረሻ ጨመረች። ከዚያ ሁለት ሦስት መልሶች ስለ ፋሲካ ሰሞን የሆቴል ገበያና ስለ ዘጌ የጀልባ ዋጋ ሆኑ፤ እዘልላቸዋለሁ።

17ኛው መልስ ላይ ጋሽ መዝገብ ተመልሰው ለሕመም፣ ለዓመትና ለያለ ክፍያ ፈቃድ የደብዳቤ አጻጻፍ ሰጡ። ከእሳቸውና ከኋላ ከመጡት እርማቶች አጣምሬ የወንድምየው ማመልከቻ ምን መምሰል እንዳለበት እነሆ፦

> ለ፦ ሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
> ጉዳዩ፦ የሕመም ፈቃድን ይመለከታል
>
> በምግብ ዝግጅት ክፍል በአብሳይነት የምሠራ ሲሆን የካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በደረሰብኝ የእግር ስብራት ምክንያት ከየካቲት 2 እስከ ሚያዝያ 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ለ75 ቀናት እንዳርፍ በሐኪም ታዝዞልኛል። የሕክምና ማስረጃውን 1 ገጽ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።
>
> ስለዚህ ይህ ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86 መሠረት በሕመም ፈቃድነት ተይዞ ክፍያው እንዲፈጸምልኝ፣ በ— ቀን በተጻፈ ደብዳቤ ያለ ክፍያ ተብሎ የተገለጸውም እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ። ሚያዝያ 17 ቀን በሥራ ገበታዬ ላይ እገኛለሁ።
>
> ከሠላምታ ጋር

ጋሽ መዝገብ እዚህ ላይ የሰጡት ማሳሰቢያ ደብዳቤው ውስጥ ግማሽ ደመወዝ ይከፈለኝ የሚል ቃል እንዳይገባ ነው። እንዲያ ከተጻፈ ሙሉ የሚከፈልባቸው 21 ቀናትም በግማሽ ሊታለፉ ይችላሉ። አንቀጹን ጠቅሶ ስሌቱን ለሒሳብ ክፍል መተው ይሻላል፤ ስህተት ከመጣ ያኔ በቁጥር መከራከር ይቻላል።

ለዓመት ፈቃድ ሲሆን ጉዳዩ ላይ የዓመት ፈቃድ ተብሎ ይጻፋል፤ የየትኛው ዓመት እንደሆነና ስንት የሥራ ቀን እንደሚፈለግ ይገለጻል፤ ለምሳሌ ከ2018 ዓ.ም. የዓመት ፈቃዴ ላይ 6 የሥራ ቀን ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እንዲሰጠኝ ይባላል። እዚህ ላይ ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም። የዓመት ፈቃድ በሥራ ቀን፣ የሕመም ፈቃድ ግን በወር እየተቆጠረ ስለሚሄድ ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ መቀላቀል ቆጠራውን ያበላሻል። ለአበባ እርሻዋ ሠራተኛ የሰጧት ደግሞ እናቷን ለማስታመም ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲሰጣት፣ በዚህ ቀን በያዘችው የሥራ መደብና ደመወዝ ወደ ሥራ እንደምትመለስ፣ ፈቃዱም በጽሑፍ እንዲገለጽላት የሚጠይቅ አራት መስመር ነው። ማንኛውም ደብዳቤ ሁለት ኮፒ ሆኖ ይገባል፤ አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፣ ሁለተኛው ላይ የገባበት ቀንና ቁጥር ተጽፎ ተፈርሞበት ወደ ቤት ይመለሳል።

18ኛው መልስ የመጨረሻውን ትልቅ ክርክር አስነሣ። ልጁ 11 ቀን የዓመት ፈቃድ ካለው፣ ግማሽ ከሚከፈልባቸው ቀናት መሐል 11ዱን በዓመት ፈቃድ ለውጦ ሙሉ ደመወዝ ቢያገኝስ? ጸሐፊው ብዙ ድርጅት በስምምነት ያደርገዋል ባይ ነው። ጋሽ መዝገብ በ19ኛው አልወደዱትም፤ የዓመት ፈቃድ የተሰጠው ሠራተኛው እንዲያርፍ ነው፣ አልጋ ላይ ካለቀ በኋላ ከሕመም ተነሥቶ ምድጃ ፊት ሲቆም የሚያርፍበት ቀን አይኖረውም አሉ። ፔሮል በ20ኛው ለሁለቱም ፊት አልሰጠችም፤ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው መጋቢት ላይ ገንዘቡን ይመርጣል፣ ምርጫው የራሱ ነው፣ ብቻ ድርጅቱ ሳይጠይቀው በራሱ ከዓመት ፈቃዱ እንዳይቀንስበት ይጠንቀቅ አለች። እኔ ወደ ፔሮል አደላለሁ፤ ክሩ ላይ ግን ስምምነት አልተደረሰም።

21ኛው የሽምብጧ ናት። ሐኪሙ ቀኑን አስተካክሎ ጽፎላቸዋል፣ አዲሱ ደብዳቤም ገብቶ ኮፒው ተፈርሞላቸዋል። ሰው ሀብት ክፍሉ ዋናውን የሐኪም ወረቀት ጠይቋል፤ እሷ ፎቶ ኮፒ ብቻ ልትሰጥ ነበር። 22ኛው መልስ ዋናውን ስጪ፣ ኮፒው ላይ ግን ዋናውን ተቀብያለሁ አስብለሽ አስፈርሚ አላት። 23ኛው ፈቃዱ ቢታረም እንኳ በቃል ብቻ እንዳይሆን፣ የቀድሞው ደብዳቤ መሻሩን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲጠየቅ፣ እምቢ ካሉም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያይ ጽሕፈት ቤት ሁለቱን ደብዳቤዎች ይዞ መሄድ እንደሚቻል ጻፈ።

እስካሁን የመጨረሻው 24ኛው መልስ ነው። ሚያዝያ 16 ሲደርስ እግሩ ገና ካልጠገነ ምን ያደርጋል የሚል ነው። ጋሽ መዝገብ ከሥሩ ባጭሩ እንደመለሱት፣ ቀጠሮውን ወደ ሚያዝያ መጀመሪያ ያምጣው፣ የማራዘሚያው ወረቀት ከሚያዝያ 17 ጀምሮ የሚል ሆኖ አሮጌው ከማለቁ በፊት መዝገብ ቤት ይግባ። ጥቅምት ላይ ያረፋቸው ቀናት ተደምረው እስከ ሚያዝያ 16 ድረስ 84 ቀን ስለሚሆኑ፣ በግማሽ የሚከፈለው የቀረው 6 ቀን ብቻ ነው፤ ከሚያዝያ 23 ጀምሮ ያለው ያለ ክፍያ ይሆናል።